ስንት ሜትር ነው «በጣም ረጅም»?

በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «በጣም ረጅም የሆነ፣ በወጥነት ቻርጅ የተደረገ ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ይህን ያህል በራቀ ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ መስኩን አስሉ» ይላል። ተማሪው የሸመደደውን አጭር ቀመር ያወጣል፣ ቁጥሮቹን ይተካል፣ መልሱን ይጽፋል። «በጣም ረጅም» ማለት ስንት ሜትር እንደሆነ ግን መጽሐፉም አይነግረው፣ እሱም አይጠይቅ። አንድ ሜትር ይበቃል? መቶ ሜትር ያስፈልጋል? ወይስ ቀመሩ የሚሠራው ማለቂያ ለሌለው፣ በዓለም ላይ ለማይገኝ ዘንግ ብቻ ነው?

ጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ አለው። መልሱ ጋ ለመድረስ ማለቂያ ከሌለው ዘንግ መነሳት አያስፈልግም፤ በእጅ ከሚያዝ አጭር ዘንግ ተነስቶ ማራዘም ይሻላል።

መሠረቱን የጣለው ፈረንሳዊው ሻርል ኦገስተን ደ ኩሎም ነው። በ1785 በቀጭን ሽቦ ላይ አግድም በተንጠለጠለ ዘንግ አማካይነት፣ ቻርጅ ያላቸው ትናንሽ ኳሶች ምን ያህል እንደሚገፋፉ ከሽቦው መጠምዘዝ ለካ። ያገኘው ሕግ ዛሬም እንዳለ ነው፦ በሁለት ነጥብ መሰል ቻርጆች መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ መስክ የምንለው ደግሞ በአንድ ቦታ ላይ የተቀመጠ ቻርጅ፣ በእያንዳንዱ ኩሎም የሚያርፍበት ጉልበት ነው፤ የሚለካውም በኒውተን በኩሎም ነው። q የሆነ ነጥብ ቻርጅ ከ r ርቀት ላይ የሚፈጥረው መስክ እንዲህ ይጻፋል፦

E = kq / r²

እዚህ ላይ k ወደ 9 × 10⁹ የሚጠጋ ቋሚ ቁጥር ነው። ከዚህ በኋላ የምናደርገው ሁሉ ይህን አንድ ሕግ ደጋግሞ መደመር ነው።

አሁን 50 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ እንውሰድ። በላዩ 50 ናኖ ኩሎም ቻርጅ በወጥነት ተሰራጭቷል እንበል። ናኖ ኩሎም የአንድ ኩሎም ቢሊዮንኛ ነው፤ ፕላስቲክን በጨርቅ በማሸት ሊገኝ የሚችል መጠን ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት የሚታሰበው ቻርጅ 100 ናኖ ኩሎም ይሆናል። ይህን የቻርጅ ጥግግት λ እንለዋለን። ዘንጉን በአግድም አስቀምጠን፣ ከመሀሉ ተነስቶ በቀጤ ነክ ወደ ውጭ የሚወጣ መስመር እናስብ። በዚህ መስመር ላይ፣ ከዘንጉ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ ባለ ነጥብ ላይ መስኩ ስንት ነው?

ይህን የመሀል መስመር የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘንጉ ግራ ክንፍ ላይ ላለች ለእያንዳንዷ የቻርጅ ቅንጣት፣ በቀኝ ክንፍ ላይ በእኩል ርቀት የተቀመጠች መንትያ አለቻት። የግራዋ ነጥባችንን ወደ ውጭና በትንሹ ወደ ቀኝ ትገፋለች፤ የቀኟ ደግሞ ወደ ውጭና በዚያው ልክ ወደ ግራ። የጎን ለጎኑ ግፊት እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ወደ ውጭ የሚገፋው ብቻ ይደመራል። ነጥቡን ከመሀሉ ወደ አንዱ ጫፍ ፈቀቅ ካደረግነው ይህ ምቾት ይቀራል።

ችግሩ ድምሩ ላይ ነው። በቅርብ ያለችው፣ ማለትም መሀል ላይ ያለችው ቅንጣት፣ ጠንክራና ቀጥ ብላ ትገፋለች። ወደ ጫፍ ያለችው በሁለት ምክንያት ትደክማለች፤ አንደኛ ትርቃለች፣ ሁለተኛ አግድማ ስለምትገፋ ከግፊቷ የተወሰነው በመንትያዋ ይጠፋባታል። ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ያስታውሱና ሁለተኛውን ይረሳሉ። ያኔ የሚያገኙት መልስ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል።

መጻሕፍት ይህን ድምር በኢንቲግራል ይሠሩታል፤ ትክክልም ነው። እኔ ግን ከኢንቲግራሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ሌላ መንገድ አለ ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው።

ነጥባችን ላይ ዓይናችንን አስቀምጠን ዘንጉን እንቃኘው፤ ግን ዘንጉን በሳንቲ ሜትር ሳይሆን በዲግሪ እንከፋፍለው። ፊት ለፊት ስንመለከት አንድ ዲግሪ አንግል ከዘንጉ ላይ 4.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ዓይናችንን ወደ ጎን 45 ዲግሪ ስናዞር ግን ዘንጉን አግድም ስለምናየው፣ ያው አንድ ዲግሪ እጥፍ ርዝመት፣ ወደ 8.7 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ በዚያ ስንጣቂ ውስጥ ያለው ቻርጅ እጥፍ ነው። ርቀቱስ? ከ25 ወደ 35.4 ሳንቲ ሜትር አድጓል፤ የርቀቱ ስኩዌር ደግሞ በትክክል እጥፍ ሆኗል። ቻርጁ እጥፍ፣ የሚካፈልበትም እጥፍ። የግፊቱ ጥንካሬ ምንም አልተለወጠም!

ይህ የ45 ዲግሪ አጋጣሚ አይደለም። ዘንጉ ቢረዝምና 60 ዲግሪ ላይ ብናየው፣ አንድ ዲግሪ የሚሸፍነው ቻርጅ አራት እጥፍ፣ የርቀቱም ስኩዌር አራት እጥፍ ይሆናል። በየትኛውም አቅጣጫ፣ እኩል አንግል የሚሸፍኑ የዘንግ ቁራጮች እኩል ይገፋሉ፤ የሚለያዩት በአቅጣጫ ብቻ ነው። እንዲያውም ቀጥ ያለውን ዘንግ አንስተን፣ ነጥባችንን ማዕከል ያደረገ፣ ሬዲየሱ r የሆነ፣ ያንኑ አንግል የሚሸፍንና ያንኑ λ የተሸከመ ቅስት ብንተካ፣ ነጥቡ ላይ ያለው መስክ ቅንጣት ታህል አይለወጥም።

ከዚህ በኋላ ድምሩ ቀላል ነው። ከመሀል መስመሩ እስከ ዘንጉ ጫፍ ያለውን አንግል θ ብንለው፣ በሁለቱም ክንፎች ያሉት ግፊቶች ተደምረው እንዲህ ይሰጣሉ፦

E = (2kλ / r) · sin θ

ሳይን θ የዘንጉ ግማሽ ርዝመት ከነጥቡ እስከ ጫፉ ላለው ርቀት ሲካፈል የሚገኘው ነው። እሱን ተክተን፣ ጠቅላላውን ቻርጅ Q፣ ጠቅላላውን ርዝመት L ካልን፣ መጻሕፍት ላይ የሚገኘው ቀመር ይወጣል፦

E = kQ / ( r · √(r² + L²/4) )

በእኛ ምሳሌ ግማሽ ርዝመቱም ርቀቱም 25 ሳንቲ ሜትር ስለሆኑ θ 45 ዲግሪ ነው። 2kλ/r 7,200 ይሆናል፤ የ45 ዲግሪ ሳይን 0.707 ነው፤ መስኩም ወደ 5,090 ኒውተን በኩሎም ይመጣል።

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። ዘንጉ እየረዘመ ሲሄድ θ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከዚያ ግን አያልፍም። የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን ዘንጉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ከ90 ዲግሪ በላይ ሊሸፍን አይችልም። ሳይኑም ወደ 1 ይጠጋል እንጂ 1ን አይሻገርም። ስለዚህ ርዝመቱ ያለ ገደብ ሲያድግ መስኩ ያለ ገደብ አያድግም፤ አንድ ቋሚ እሴት ላይ ይቆማል፦

E = 2kλ / r

ይህ ነው ተማሪው የሸመደደው አጭር ቀመር። የተጣለው ነገር ሳይን θ ብቻ ነው። እንግዲያው «በጣም ረጅም» ማለት ሳይኑን 1 ነው ብንል የሚፈጠረው ስህተት የማያስጨንቀን ዘንግ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ይሰላል። ግማሽ ርዝመቱ ከርቀቱ 2 እጥፍ ትንሽ ሲበልጥ፣ መስኩ ማለቂያ የሌለው ዘንግ ከሚፈጥረው 90 በመቶ ይደርሳል። 7 እጥፍ ሲሆን 99 በመቶ ይሆናል። 10 እጥፍ ሲሆን የቀረው ስህተት ግማሽ በመቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ መልሱ በሜትር አይነገርም። ያው የ50 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ለራቀ ነጥብ «በጣም ረጅም» ነው፤ አንድ ሜትር ለራቀ ነጥብ ግን ከነጥብ ብዙም አይለይም። ይህንን በቁጥር እናረጋግጥ። አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ አጭሩ ቀመር 36,000 ይሰጣል፤ ሙሉው ቀመር 35,300 ገደማ። ልዩነቱ 2 በመቶ ነው። አንድ ሜትር ላይ አጭሩ ቀመር 1,800 ሲል እውነተኛው ግን 437 ገደማ ነው፤ አራት እጥፍ ተሳስቷል። በዚያ ርቀት ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ትተን 50 ናኖ ኩሎሙ መሀል ላይ የተከማቸ ነጥብ ነው ብንል 450 እናገኛለን፤ ስህተቱ 3 በመቶ ብቻ። ያንኑ የነጥብ ቀመር አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ ብንጠቀም ግን 180,000 ይለናል፤ ከእውነቱ ከአምስት እጥፍ በላይ።

ብዙዎችን የሚያስገርመው የአጭሩ ቀመር ቅርጽ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት በኩሎም ሕግ መሠረት በርቀቱ ስኩዌር እየደከመች፣ ድምሩ በርቀቱ ብቻ የሚደክመው እንዴት ነው? ምክንያቱ ከላይ ያየነው ቅኝት ውስጥ አለ። ከዘንጉ እጥፍ ስንርቅ በአንድ ዲግሪ ውስጥ የሚገባው የዘንግ ርዝመት እጥፍ ይሆናል። እያንዳንዱ ቅንጣት ወደ ሩብ ቢደክምም፣ የሚገፉት ቅንጣቶች ብዛት እጥፍ ስለሆነ ድምሩ የሚወርደው ወደ ግማሽ ብቻ ነው። ዘንጉ ይህን ማካካሻ ማቅረብ የሚችለው ግን ያልተነካ ርዝመት እስካለው ድረስ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚጨምረው የለውም፤ መስኩም ከዚያ በኋላ እንደ ነጥብ ቻርጅ በፍጥነት መውደቅ ይጀምራል።

አንድ ሰው የት ክልል ውስጥ እንዳለ ለማወቅም የሚረዳው ይኸው ነው። ርቀቱን እጥፍ አድርጎ መስኩ በስንት እንደተካፈለ ማየት ይበቃል። በእኛ ዘንግ ከ2 ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ስንሄድ መስኩ በ2.02 ይካፈላል፤ የረጅም ዘንግ ጠባይ ነው። ከ1 ወደ 2 ሜትር ስንሄድ በ3.9 ይካፈላል፤ የነጥብ ጠባይ ነው። ከ25 ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ስንሄድ በ3.16 ይካፈላል። እዚህ መሀል ላይ ሁለቱም አጭር ቀመሮች አይታመኑም፤ ሙሉው ቀመር ግድ ነው።

ገደቡን ሲወስዱ ብዙዎች የሚወድቁበት አንድ ጉድጓድ አለ። ቀመሩ በ Q የተጻፈ ከሆነና Q ን ቋሚ አድርገን L ን ብቻ ያለ ገደብ ካሳደግን መልሱ ዜሮ ይሆናል። ስሌቱ ስህተት የለበትም፤ የተጠየቀው ነገር ግን ሌላ ነው። ያንኑ 50 ናኖ ኩሎም በ100 ሜትር ዘንግ ላይ ብንበትነው፣ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ መስኩ ከ5,090 ወደ 36 ኒውተን በኩሎም ይወርዳል፤ ምክንያቱም ቻርጁ እጅግ ሳስቷል። ረጅም ዘንግ ስንል ርዝመቱ ሲያድግ ቻርጁም አብሮ የሚያድግ፣ λ ግን የማይለወጥ ዘንግ ማለታችን ነው። ስለዚህ ገደቡን ከመውሰድ በፊት Q ን በ λL መተካት ያስፈልጋል።

ርዝመት ብቻውን የማይበቃበት ሁኔታም አለ። አጭሩ ቀመር ከጫፎች ርቆ መቆምንም ይጠይቃል። ነጥባችንን ከመሀል አንስተን ከረጅሙ ዘንግ አንደኛው ጫፍ ትይዩ ብናቆመው፣ በአንድ በኩል ብቻ ዘንግ ስላለ ወደ ውጭ የሚገፋው መስክ ወደ ግማሽ፣ ወደ kλ/r ይወርዳል። የጎን ግፊቱም መንትያ ስላጣ አይጣፋም፤ እሱም kλ/r ነው። ስለዚህ መስኩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በ45 ዲግሪ አዝምሞ ወደ ጫፉ ባሻገር ይወጣል። ዘንጉ መቶ ኪሎ ሜትር ቢረዝምም ይህ አይቀየርም። የጋውስን ሕግ ተጠቅመው በሁለት መስመር አጭሩን ቀመር የሚያወጡ ሰዎችም የሚመኩት በዚህ ላይ ነው፦ መስኩ በየትም ቦታ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ብቻ ይወጣል ብለው ይነሳሉ። አጭር ዘንግ ላይ ያ መነሻ ሐሰት ስለሆነ፣ ሕጉ እውነት ሆኖ ሳለ ስሌቱ አይሠራም።

ስለ ዘንጉ ቁስም አንድ ነገር ልጨምር። ቻርጁ በወጥነት ተሰራጭቷል ያልነው ፕላስቲክ ቻርጁን ባለበት ስለሚይዝ ነው። ዘንጉ ብረት ቢሆን ቻርጆቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ወደ ሁለቱ ጫፎች በብዛት ይሸሹ ነበር፤ መሀሉ ይሳሳና ቅርብ ያለው መስክ ቀመሩ ከሚለው ያነሰ ይሆናል። ብረቱ ከርዝመቱ አንጻር እየቀጠነ ሲሄድ ይህ ልዩነት ይቀንሳል፣ ግን ቀስ እያለ ነው።

ይህን ሁሉ በአገራችን በሚታይ አንድ ነገር ላይ እንሞክረው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ከረንት፣ በተለምዶ ዲሲ በሚባለው፣ ይሠራል። ከረንቱ አቅጣጫውን ስለማይቀያይር በሽቦው ላይ የሚቀመጠው ቻርጅም ምልክቱን አይቀያይርም፤ ለእኛ ቀመር የሚመች ነው። አንድ ሰው ከአንዱ ሽቦ 15 ሜትር በታች ቆሟል እንበል። 15ን በ7 ስናባዛ 105 ሜትር ነው። ስለዚህ ያ ሽቦ በዚያ ሰው ላይ ከሚያሳርፈው መስክ 99 በመቶው የሚመጣው በግራና በቀኝ ካሉት 105 ሜትሮች ብቻ ነው። ከሺህ ኪሎ ሜትሩ የቀረው በሙሉ ተደምሮ የሚያዋጣው አንድ በመቶ ነው።

ነገር ግን እዚያ ሰውየው የሚያገኘውን ጠቅላላ መስክ በ2kλ/r ብቻ ለማግኘት መሞከር ያሳስታል። መስመሩ ተቃራኒ ምልክት ያለው ሌላ ሽቦም ተሸክሟል፤ የእሱ መስክ ከመጀመሪያው ይቀነሳል። መሬቱም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ በሽቦዎቹ ስር ተቃራኒ ቻርጅ ይሰበሰብበታል፤ መሐንዲሶች ይህንን ከመሬት በታች በዚያው ልክ የተቀበረ ተቃራኒ ሽቦ እንዳለ አድርገው ያሰሉታል። በዲሲ መስመር ላይ ደግሞ ከሽቦው አጠገብ የሚፈጠሩ አየኖች ወደ ታች እየተንሳፈፉ የራሳቸውን መስክ ይጨምራሉ። አጭሩ ቀመር አይወድቅም፤ ለእያንዳንዱ ሽቦ ለየብቻ ተሠርቶ ይደመራል፣ በላዩም የአየኖቹ ድርሻ ይታከላል።

ቀመሩ ይበልጥ የሚታመነው ሽቦው ጥግ ነው። ከሽቦው ማዕከል ሁለት ሳንቲ ሜትር ላይ ላለ አየር፣ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ሽቦ በእርግጥም ማለቂያ የሌለው ያህል ነው። እዚያ ርቀቱ ትንሽ ስለሆነ 2kλ/r እጅግ ይገዝፋል። መስኩ በሜትር ወደ ሦስት ሚሊዮን ቮልት ሲጠጋ አየሩ መከላከያነቱን ያጣል፤ ሽቦው ይንሾካሾካል፣ ኃይልም ይባክናል። በከፍተኛ ቮልት መስመሮች ላይ በአንድ ወፍራም ሽቦ ፈንታ በአሥሮች በሚቆጠሩ ሳንቲ ሜትሮች ተራርቀው አብረው የሚሄዱ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሽቦዎች የምናየውም ለዚህ ነው። ቻርጁ ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ሽቦ λ ይቀንሳል፤ λ ሲቀንስ ከሽቦው ጥግ ያለው መስክም ይቀንሳል።

እንግዲህ ፊዚክስ የምትማሩም የምታስተምሩም፣ «በጣም ረጅም ዘንግ» የሚል ጥያቄ ሲገጥማችሁ ከቀመሩ በፊት ርቀቱን ተመልከቱ። በ7 አባዙት። ከነጥባችሁ ትይዩ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ያን ያህል ዘንግ ካለ አጭሩን ቀመር ያለ ስጋት ተጠቀሙ፤ ስህተታችሁ ከአንድ በመቶ አይበልጥም። ከሌለ ሳይን θ ን መልሱበት።